ካንተ ስድሳ፣ ከእኔ አርባ

ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! ገበያ ስትወጣም፣ ባንክ ቤት ወረፋ ስትይዝም ያ ቢጫ ሜትር ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አንድ ቀን የባንኩ ዘበኛ «እህት፣ ልትቆጥቢ ነው ወይስ ልትለኪን?» ብሎ ሊቀልድባት ሞከረ። እሷም ቦርጩን ከላይ እስከ ታች አየት አድርጋ «አንተንማ እለካህ ነበር፣ ጨርቁ አይበቃኝም እንጂ» ብላው ገባች። እንዲህ ናት፤ መልስ አይጠፋትም። ምላሷ የሚተሳሰረው በአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ ነው።

አትፍረዱባት። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ አስራ ስድስት። የስፌት ትምህርቷን የከፈለው እሱ ነው፤ የመጀመሪያ የስፌት መኪናዋን የገዛላትም እሱ ነው። በዚያ ቤት ገንዘብ ከእሱ ይመጣል እንጂ ከእሱ አይጠየቅም። እሱ ሲሰጥ «እግዜር ይስጥልን» ይባላል፤ ሳይሰጥ ሲቀር ማንም ምንም አይልም። ዛሬ እሷ አርባ ሦስት ሞልቷት የራሷ ሱቅ እያላት እንኳ ይህ ደንብ አልተነካም።

ሱቋ ከጫማ ሰፊውና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል የተሸጎጠች አንዲት ክፍል ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰካ የልኬት ወረቀት፣ ለደንበኛ ደግሞ አንዲት ዱካ። ከዚህ በፊት ሁለተኛ ማሽን፣ የጨርቁን ጫፍ የሚዘመዝም፣ ጥግ ላይ ነበር። አሁን ቦታው ባዶ ነው፤ ማሽኑ የት እንደሄደ እነግራችኋለሁ።

እናታቸው ሰላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» የሚለውን ድምጿን የማያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ከአምስት ወር በፊት አንድ ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ተነስታ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት፣ ንግግሯም አብሮ ሄደ። የሚሏትን ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ ልትመልስ ስትል ግን ቃሉ አፏ ውስጥ ይቀርባታል። ያቺ በአፏ እንጀራዋን የበላች ሴትዮ! ሜትር መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባየች ቁጥር ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር።

የስትሮክ ሕመምተኛ ማስታመም ደግሞ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ አለ፤ አለዚያ ጀርባዋ ይቆስላል። ውሃ እንዲሁ አይሰጣትም፣ ትን ይላታል፤ ወፈር ተደርጎ በማንኪያ ነው። ዳይፐር መቀየር፣ የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ ኪኒኗን በሰዓቱ መስጠት፣ የደነዘዘውን እጅና እግር ማፍታታት። የመጀመሪያውን አንድ ወር ተኩል ሜትር ሱቋን ዘግታ ሁሉንም ብቻዋን ሠራችው። ደንበኞቿም ታገሡ፣ ታገሡና ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። በመጨረሻ አንዲት አስታማሚ ቀጠረች፣ ቀን ቀን የምትውል፣ ሆስፒታል ውስጥ ስትሠራ የኖረች ጎበዝ ሴት። ሱቁ ተከፈተ። የአንድ ትምህርት ቤት የሰማንያ ልጆች ዩኒፎርምም በውል አገኘች።

የቁጠባ ደብተሯ ግን በሦስት ወር ውስጥ ተሟጠጠ። መዘምዘሚያው ማሽን የሄደው ያኔ ነው፤ የአንድ ወር ተኩል አስታማሚ ሆኖ ተበላ። ወንድሟ በየስልኩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላል፤ አንድ ወር ሁለት ሺህ ይልካል፣ ሌላ ወር ሦስት፣ ሌላ ወር ደግሞ አይዞሽን ብቻ። ነገሩ ቁርጥ ብሎ ታያት፦ ከዚህ ወር በኋላ ለአስታማሚዋ የምትከፍለው የላትም። አስታማሚዋ ከሄደች ሱቁ ይዘጋል፣ ሱቁ ከተዘጋ የሰማንያው ዩኒፎርም ውል ይፈርሳል፣ ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ የእማዬን ጡረታ እያዩ ሊቀመጡ ነው። ጡረታዋ ደግሞ ከምግብና ከመብራት አያልፍም።

አፍ አውጥታ በስልክ ልትነግረው ሦስቴ ሞከረች። «ሃሎ፣ ወንድም ጋሼ» ትላለች፣ እሱ «እህቴ፣ እንዴት ናችሁ?» ይላል፣ እሷም «ደህና ነን» ብላ ትዘጋዋለች። ወይ ጉድ! ዘበኛውን በአንድ ቃል አፉን ያስያዘች ሴት። በመጨረሻ እጽፍለታለሁ አለች። ጽሑፍ ላይ ሰው አያቋርጥም፣ ድምፅም አይንቀጠቀጥም።

ከልኬት ወረቀቱ ቁራጭ ቀደደች፤ በምሳ ሰዓት፣ ሱቁ ፀጥ ሲል፣ በእርሳስ ጀመረች። መጀመሪያ ይቅርታ የሞላበት ነገር ጽፋ ሰረዘችው። ቀጥላ ወቀሳ የሞላበት ጽፋ እሱንም ሰረዘችው። በሦስተኛው ቀን የወጣው በስልኳ እንዲህ ተብሎ ተላከ፦

«ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ? እማዬ ትናንት ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ ሾርባዋን ራሷ በላች። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ወጪዋ ነው፣ እንዳትቀየመኝ። በወር አስታማሚዋ ስድስት ሺህ አምስት መቶ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ መድኃኒት ሁለት ሺህ፣ ዳይፐርና አንሶላ ላይ የሚነጠፈው ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ለሐኪም ቀጠሮና ለኮንትራት ታክሲ አንድ ሺህ። ድምሩ አስራ አምስት ሺህ አምስት መቶ። እኩል እንካፈል ልል አስቤ ነበር፣ ግን አልችለውም። ያንተ ደሞዝ ሃያ አንድ ሺህ ነው፤ እኔ የሱቁን ኪራይ ከፍዬ በአማካይ አስራ አራት ሺህ ይቀረኛል። አንድ ላይ ሰላሳ አምስት ይሆናል። ስለዚህ በገቢያችን ልክ፣ ካንተ ከመቶ ስድሳ፣ ከእኔ ከመቶ አርባ። ካንተ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ፣ ከእኔ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። አስታማሚዋ የምትከፈለው ወር ሲያልቅ ስለሆነ በሃያ አምስት ብንልክ ጥሩ ነው። የባለፈውን ወር ደረሰኞች ፎቶ አንስቼ ከስር ልኬልሃለሁ። ማታ ማታና እሁድን እኔ አለሁ፣ እሱን አታስብ።»

ላከችው። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ጨርቅ ስር ደበቀችው፤ የሚነክሳት ይመስል።

አሁን ስለ ወንድምየው ልንገራችሁ። በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በአንድ የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ ይሠራል። መኪናው ባዶውን ስንት ነው፣ ከነጭነቱ ስንት ነው፣ ወረቀቱ ላይስ ስንት ተባለ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሹፌር ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው፤ አምስት ኪሎ ብታልፍ አያሳልፋትም። ልጆቹ እንኳ ስኳር ሲጨምሩ አይኑ ማንኪያው ላይ ነው ይላሉ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሰላምታ የለው፣ የእማዬ ማንኪያ የለ። «ደረሰኞቹን ደመርኳቸው። አስራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ነው የሚሉት። አንቺ አስራ አምስት ሺህ አምስት መቶ ብለሻል። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳው የት ገባ?»

ሜትር ደሟ ፈላ። «ሌባ አለኝ!» አለች ጮክ ብላ፣ ጫማ ሰፊው ከጎረቤት «ማነው?» እስኪል ድረስ። «በገዛ እናቴ ዳይፐር ላይ የምሰርቅ ሌባ!» መቀሱን አንስታ፣ መልሳ አስቀምጣ፣ አምስት የስድብ መልስ ጽፋ አምስቱንም አጠፋች። ከዚያ ልታሳየው፣ ልታሳፍረው፣ ደረሰኞቹን ራሷ አንድ በአንድ መደመር ጀመረች።

አስታማሚዋ ስድስት ሺህ። ባለሙያው ለስምንት ቀን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። መድኃኒት አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ። ዳይፐሩ ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ሐኪምና ታክሲ ሰባት መቶ። አስራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ፤ ልክ እንዳለው። ሜትር ዱካው ላይ ቁጭ አለች። በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ጨምራለች፣ ስትጨምርም ልብ አላለችውም። እጇ የለመደው ነዋ! ጨርቅ ስትቆርጥ ሁሌም በልኩ አትቆርጥም፤ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትተዋለች፣ ሰው ቢወፍር የሚለቀቅ። ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ የቆረጠ እጅ ሒሳብም እንዲሁ ቆረጠ። ለእሷ ይህ ጥንቃቄ ነው። ሃያ ዓመት ሚዛን ላይ ለቆመ ሰው ግን ስሙ ማጭበርበር ነው።

ልክ መሆኑን አወቀች፤ ግን ልክ ነህ ለማለት ኩራቷ አልፈቀደላትም። አንድ ቀን ዝም፣ ሁለት ቀን ዝም። እሱም ዝም። በአራተኛው ቀን አስታማሚዋ ልብሷን ቀይራ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ አይክፋሽ፣ ልነግርሽ የፈለግኩት አለ» አለች። «አንድ ቤት ስድስት ሺህ ስምንት መቶ እንስጥሽ ብለውኛል። ለእኔም ይቀርበኛል። እማማን ትቼ መሄድ አንጀቴ አይችልም፣ ግን እኔም ኪራይ አለብኝ። ሦስት መቶ ቢቀርብኝም ስድስት ሺህ አምስት መቶ ካላችሁ እቆያለሁ። እስከ እሁድ ብትነግሪኝ።»

ሜትር «እሺ» አለቻት። ያን ማታ እማዬን አገላብጣ ሳትጨርስ መልሳ አገላበጠቻት። እማዬ በግራ እጇ ያዘቻትና «ም... ም...» አለች። ምን ሆነሽ ለማለት ነው። «ምንም አልሆንኩ እማዬ» አለች ሜትር። በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ገብታ መጋረጃውን እንኳ ሳትገልጥ ጻፈች።

«ወንድም ጋሼ፣ ልክ ነህ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳው የለም። ሰርቄ አይደለም። ጨርቅ ስቆርጥ ለመጠባበቂያ ሁለት ጣት እተዋለሁ፤ ወጪውንም እንደዚያው ነው የቆረጥኩት። ሳልነግርህ መተዌ ግን ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ። በእውነተኛው ሒሳብ ካንተ የሚመጣው ስምንት ሺህ ሦስት መቶ አስር ነው። አስታማሚዋ እስከ እሁድ መልስ ትፈልጋለች፣ አምስት መቶ እንድንጨምርላትም ጠይቃለች። እሷ ከሄደች ሱቁን እዘጋለሁ። ወይ እችላለሁ በል፣ ወይ አልችልም በል። ዝም አትበለኝ ብቻ፤ ዝምታህን ለእማዬ በማንኪያ ልሰጣት አልችልም።»

ላከችው። ስልኩን በዚህ ጊዜ አልደበቀችውም። መልስ ግን አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱ አርብም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የዩኒፎርም ኪስ እየሰፋች ሳለ በሩ ጨለም አለ። ቀና ስትል ወንድሟ ነው፤ በንጋት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ፣ በእጁ ትንሽ ቦርሳ ይዞ። ሜትር እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። ተሳሳሙ። እሱ ዱካው ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን፣ ባዶውን ጥግ፣ የጨርቁን ክምር አየ።

«ያ ማሽን የት ሄደ?»

«ሸጥኩት።»

«መቼ?»

«ከሁለት ወር በፊት። ለአስታማሚዋ።»

ባዶውን ጥግ እንደገና አየ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ ፈተገና «እህቴ፣ ስህተት ስፈልግ ነበር» አለ። «ደረሰኙን የደመርኩት አንቺን ጠርጥሬ አይደለም። ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ የሚለውን ሳይ ራሴ ዞረ፤ ሒሳቡ ላይ ቀዳዳ ባገኝ ብዬ ነው። ሳገኝ ደስ አለኝ። እናቴ ታማ፣ ቀዳዳ አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ሆንኩ።»

«ሃያ አንድ ሺህ የሚያገኝ ሰው ዘጠኝ ሺህ...»

«ሃያ አንድ አላገኝም።»

ሜትር መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የፈረቃ ኃላፊ ትሆናለህ ተባለ። የኃላፊው ደሞዝ ሃያ አንድ ሺህ ነበር። ደስታው አላስችል አለውና ደብዳቤው ሳይደርሰው ለእማዬ ደወለ። እማዬ ደግሞ እማዬ ናት፤ ከጡረታ ጓደኞቿ እስከ ሐኪሟ ድረስ «ልጄ ኃላፊ ሆነ» ብላ በአንድ ቀን አዳረሰችው። ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሱም ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያለ ሦስት ዓመት ሆነው። አምስት ኪሎ የማያሳልፈው ሰው በገዛ ደሞዙ ላይ ስድስት ሺህ ጨምሮ ይኖር ነበር።

«አስራ አምስት ነው የማገኘው» አለ። አንገቱን ደፋ። «አንዳንድ ወር ሁለት ሺህ ስልክ ተበድሬ ነው።»

ሜትር ልትቆጣ ፈለገች። ሦስት ዓመት! ማሽኗን የሸጠችው እሱ እየቻለ ዝም አለኝ ብላ እየተንገበገበች አልነበር? ግን ተሰብስቦ የተቀመጠውን ሰውዬ አየችውና ቁጣውን ተወችው። ከዚያ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «እኔን በሁለት ጣት ከሰስከኝ» አለች፣ «አንተ ሙሉ ኮት አስፍተህ ለብሰህ!» እሱም መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፤ ጫማ ሰፊው ደግሞ ምክንያቱን ሳያውቅ ከዚያ ማዶ አብሯቸው ሳቀ።

ከሳቁ በኋላ የልኬት ወረቀት ዘረጉና ሥራ ጀመሩ። አስራ አምስትና አስራ አራት ከሆነ ስድሳ በአርባው ፈረሰ፤ እኩል ይሁን ተባባሉ። እኩል ሲካፈሉ ግን ለሁለቱም ከበደ። ባለሙያው ጋ ደወሉ። «አምስት ወር ሆኗታል፣ እንቅስቃሴዎቹን አስታማሚዋ ከተማረችና በየቀኑ ካሠራቻት እኔ በሳምንት አንዴ ልምጣ፤ ነገሩ ከተበላሸ ግን ወደ ሁለት እንመልሰዋለን» አለ። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ወረደ። ለአስታማሚዋ አምስት መቶ ጨመሩ። አስራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ መጣ፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አምስት።

«መጠባበቂያስ?» አለች ሜትር ፈራ ተባ እያለች።

«ከፈለግሽ ትተሽ ቁረጪ፣ ግን ጻፊው» አለ። መጠባበቂያ ብለው በየድርሻቸው ላይ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ጨመሩ፤ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ሞላ። በሁለቱ ስም የባንክ ደብተር ሊከፍቱ፣ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ለሁለቱም ስልክ መልእክት እንዲደርስ፣ ደረሰኝ በየቅዳሜው ፎቶ ተነስቶ እንዲላክ ተስማሙ። ከሦስት ሺህ በላይ የሚያስወጣ ነገር ቢመጣ ሳይደዋወሉ እንዳይከፈል፣ በየሦስት ወሩ ሒሳቡ እንደገና እንዲታይም። በወር አንድ እሁድ እሱ መጥቶ ሊያስታምም፣ እሷ ሱቋ ልትውል ወይም ልትተኛ። የመጨረሻውን መስመር ሜትር ራሷ ጻፈችው፦ «የአንዳችን ገቢ ቢቀንስ በዚያው ሳምንት እንናገራለን።» እሱ አነበበውና ምንም ሳይል ፈረመ።

ሱቁን ዘግተው ሲወጡ እጇን ያዛት። «ኃላፊ አለመሆኔን ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለ። «የምትኮራበት ያ ነገር ብቻ ነው የቀራት።»

«አልነግራትም» አለች።

ቤት ሲገቡ እማዬ በትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ልጇን ስታይ ግማሽ ፊቷ በራ፤ ግማሹ እንዳለ ነው። አስታማሚዋ ነገሩን በር ላይ ሰምታ ደስ ብሏት ገባች። «እማማ፣ የትም አልሄድም፣ ልጆችዎ ተስማምተዋል!» አለቻት።

እማዬ ግራ እጇን አንስታ የልጇን ጉልበት ቸብ ቸብ አደረገች። አፏ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ጠበቁ፤ መጠበቅን ከእሷ ተምረዋል። «ልጄ... ነው» አለች ለአስታማሚዋ። «ሁሉን... የሚከፍለው... ልጄ ነው።» ከወደቀች ጀምሮ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

ሜትር በልቧ ቆጠረች፦ አምስት ወር፣ የቁጠባ ደብተሯ፣ ማሽኗ፣ ወገቧ።  «አዎ እማዬ» አለች፣ «እሱ ነው።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ቀላ። አልቻለም። «አይደለም እማዬ» አለ። «ኃላፊ አልሆንኩም። ያኔ ለሌላ ሰው ሰጡት፣ ልነግርሽ አፈርኩ። ደሞዜ አስራ አምስት ሺህ ነው። እስከ ዛሬ የከፈለችው እሷ ናት፣ ማሽኗን ሸጣ። ከእንግዲህ እኩል ነው የምንከፍለው።»

 አስታማሚዋ የታጠፈ ፎጣ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። እማዬ ልጇን አየችው፣ አየችው፤ ግራ እጇ ከጉልበቱ ላይ ተነስታ የተጨማደደውን ሸሚዙን ያዘች። አፏ ታገለ።

«በ... በልተሃል?» አለችው።

እሱ አልበላሁም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ሸሚዙን ለቀቀች። አንገቷን ማዞር ያደክማታል፤ ቢሆንም ቀስ እያለች ወደ ቀኝ፣ ልጇ ወደቆመችበት ዞረች፤ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ሰው ተመለከተቻት።

«አንቺስ?» አለች።

ሜትር ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ መልስ ግን አልመጣላትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እየየ ብላ አለቀሰች፤ ወንድሟም ተነስቶ ምግብ ሊያሞቅ ጓዳ ገባ።